የብድሩ ወለድ በሙሉ ስንት ነው? ከእያንዳንዱ ክፍያ እየለቀሙ መደመር

100,000 ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ነው። በየወሩ እኩል እየከፈላችሁ በ12 ወር ልትጨርሱ ተስማምታችኋል። የገንዘቡ ዓይነት የየትም አገር ይሁን፣ ስሌቱ ያው ነው። ብድሩ ሲያልቅ በጠቅላላው ስንት ወለድ ከፍላችሁ ይሆናል?

ብዙ ሰው ሳያመነታ «12,000» ይላል። የ100,000 12 በመቶ 12,000 ነዋ! ትክክለኛው መልስ ግን 6,618.53 ነው። ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። በሌላ በኩል ብድሩ የ20 ዓመት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው 12 በመቶ የምትከፍሉት ወለድ ከተበደራችሁት ገንዘብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ መቶኛውን ማወቅ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የጠቅላላውን ወለድ ልክ የምናገኘው እያንዳንዱን ክፍያ ከፍተን፣ በውስጡ ያለውን የወለድ ድርሻ አውጥተን ስንደምር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ክፍያ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ።

በዚህ ብድር ወርሃዊው ክፍያ 8,884.88 ነው። ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ውስጡ ግን በየወሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ክፍያ ሁለት ድርሻ አለው። አንደኛው ለአበዳሪው የሚቀረው ወለድ ነው። ሁለተኛው ከዕዳው ላይ የሚቀነሰው ዋና ገንዘብ ነው። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ የወሩ ወለድ ይነሳል፣ የተረፈው ወደ ዋናው ይሄዳል።

በዓመት 12 በመቶ ማለት በወር 1 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር የያዛችሁት 100,000 ሙሉውን ስለሆነ ወለዱ 1,000 ነው። ከ8,884.88 ላይ 1,000 ሲነሳ 7,884.88 ይቀራል። እሱ ከዋናው ይቀነስና ቀሪ ዕዳችሁ 92,115.12 ይሆናል። በሁለተኛው ወር 1 በመቶው የሚሰላው በዚህ በቀረው ላይ ነው እንጂ በ100,000 ላይ አይደለም። ወለዱ 921.15 ይሆናል። ክፍያው ያው 8,884.88 ስለሆነ፣ ወለዱ የቀነሰውን ያህል የዋናው ድርሻ ይጨምራል፤ 7,963.73 ከዕዳው ይነሳል። ሦስተኛው ወርም በቀጣዩ ቀሪ ላይ እንዲሁ ይሰላል።

እስከ መጨረሻው ሲሠራ ይህን ይመስላል፦

| ወር | ወለድ | ዋና | ቀሪ ዕዳ |
|---|---|---|---|
| 1 | 1,000.00 | 7,884.88 | 92,115.12 |
| 2 | 921.15 | 7,963.73 | 84,151.39 |
| 3 | 841.51 | 8,043.37 | 76,108.02 |
| 4 | 761.08 | 8,123.80 | 67,984.22 |
| 5 | 679.84 | 8,205.04 | 59,779.18 |
| 6 | 597.79 | 8,287.09 | 51,492.09 |
| 7 | 514.92 | 8,369.96 | 43,122.13 |
| 8 | 431.22 | 8,453.66 | 34,668.47 |
| 9 | 346.68 | 8,538.20 | 26,130.27 |
| 10 | 261.30 | 8,623.58 | 17,506.69 |
| 11 | 175.07 | 8,709.81 | 8,796.88 |
| 12 | 87.97 | 8,796.88 | 0.00 |

የወለዱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ደምሩት። 6,618.53 ይመጣል። የዋናውን ዓምድ ብትደምሩ ደግሞ ልክ 100,000 ነው። ካልሆነ ሰንጠረዡ ውስጥ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

የመጨረሻውን ወር ልብ በሉ። ወለዱ 87.97፣ ዋናው 8,796.88 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 8,884.85 ነው የሚሆኑት፤ ከሌሎቹ ክፍያዎች በ3 ሳንቲም ያንሳል። ይህ የሆነው በየወሩ ወለዱንም ክፍያውንም ወደ ቅርቡ ሳንቲም ስለምናጠጋጋ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ያን ሁሉ ትርፍራፊ ጠርጎ ይዘጋል። አበዳሪው የሰጣችሁ ሰንጠረዥ ላይ የመጨረሻው ክፍያ በጥቂት ሳንቲም ቢለይ አትደንግጡ። በጥቂት ሳንቲም ካልሆነ ግን ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ይህን ሁሉ ከመደመር፣ የከፈልኩትን በሙሉ ደምሬ የተበደርኩትን ብቀንስስ?» ሊል ይችላል። ልክ ነው፣ ይሠራል። 11 ጊዜ 8,884.88፣ አንዴ 8,884.85፣ በድምሩ 106,618.53 ነው። 100,000 ሲነሳለት 6,618.53። በሁለቱም መንገድ አንድ ቁጥር ነው የሚመጣው። እንዲያውም ሁለቱንም ሠርቶ ማመሳከር ጥሩ ልማድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ግን መቀነሱ የሚሠራው ብድሩ አልቆ ሲዘጋ ብቻ ነው። በስድስተኛው ወር ላይ ቆማችሁ «እስካሁን ስንት ወለድ ከፈልኩ?» ብትሉ፣ ከከፈላችሁት 53,309.28 ላይ 100,000 መቀነስ ትርጉም የለውም። የወለዱን ዓምድ የመጀመሪያ ስድስት መስመሮች ስትደምሩ ግን መልሱ እዚያው አለ፤ 4,801.37። የቀሪው ስድስት ወር 1,817.16 ብቻ ነው። የጊዜው ግማሽ ሲያልፍ ከወለዱ ከ70 በመቶ በላይ ተከፍሏል። መቀነሱ ድምሩን ቢሰጣችሁም ወለዱ የት የት ላይ እንደተከፈለ አይነግራችሁም። ብድርን ቀድሞ ለመዝጋት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ግራ መጋባት እንመለስ። 12 በመቶ ተብሎ ለምን 12,000 አልሆነም? የእያንዳንዱ ወር ወለድ በዚያ ወር መጀመሪያ ላይ የነበረው ዕዳ 1 በመቶ ነው። ስለዚህ የወለዶቹ ድምር ማለት የዕዳዎቹ ድምር 1 በመቶ ማለት ነው። በ12ቱ ወሮች መጀመሪያ ላይ የነበራችሁን ዕዳ ከ100,000 ጀምሮ እስከ 8,796.88 ብትደምሩት 661,854.46 ይሆናል። ለ12 ስታካፍሉት 55,154.54 ነው። በእጃችሁ ዓመቱን ሙሉ የቆየው 100,000 አይደለም፤ በአማካይ 55,154.54 ነው። የእሱ 12 በመቶ 6,618.54 ነው። ከማጠጋጋት የመጣችውን አንዲት ሳንቲም ካልቆጠርናት ከሰንጠረዡ ድምር ጋር አንድ ነው።

ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ ብዙ ነገር ራሱ ይገለጣል። ወለድ የሚከፈለው በእጅ ለቆየ ገንዘብ፣ ለቆየበት ጊዜ ያህል ነው። ዕዳው ቶሎ ከወረደ አማካዩ ይወርዳል፣ ወለዱም ይወርዳል። ዕዳው ከፍ ብሎ ብዙ ጊዜ ከቆየ ወለዱ ይከማቻል። መቶኛው አልተነካም፤ የተለወጠው ዕዳው የሚወርድበት ፍጥነት ነው።

የረጅም ጊዜ ብድር ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ያንኑ 100,000 በዚያው 12 በመቶ ለ20 ዓመት ብትወስዱት ወርሃዊው ክፍያ 1,101.09 ነው። ከመጀመሪያው ዓይነት ክፍያ ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀላል ይመስላል። ውስጡን ግን ክፈቱት። የመጀመሪያው ወር ወለድ ያው 1,000 ነው፤ ምክንያቱም ዕዳው ያው 100,000 ነው። ከዋናው የሚነሳው 101.09 ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ወለዱ 998.99፣ ዋናው 102.10። ዕዳው እየወረደ ነው ለማለት ይከብዳል።

10 ዓመት ከከፈላችሁ በኋላ ቀሪ ዕዳችሁ 76,746 አካባቢ ነው። በዚያ 10 ዓመት ውስጥ ከ132,000 በላይ ከፍላችኋል፤ ከዋናው የተነሳው ግን ከሩብ ያነሰ ነው። በመጀመሪያው 10 ዓመት የወለዱ ዓምድ ድምር 108,877 ገደማ ነው። በሁለተኛው 10 ዓመት 55,384 ገደማ። ሁለቱ ሲደመሩ 164,261 ይሆናል። በ20 ዓመቱ ውስጥ አማካይ ዕዳችሁ 68,442 አካባቢ ነበር ማለት ነው፤ እሱን በ12 በመቶ አባዝታችሁ በ20 ዓመት ብታባዙት ያንኑ ቁጥር ታገኛላችሁ። በአጭሩ ብድር አማካዩ ወደ ግማሽ የተጠጋ ነበር። በረጅሙ ግን ወደ 70 በመቶ ተጠግቷል፤ ዓመቱም 20 ሆኗል። ወለዱን ያገነኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ብዙ ተበዳሪ በዓመታት መካከል ቀሪ ዕዳውን ሲጠይቅ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። «ይህን ሁሉ ዘመን ከፍዬ እንዴት ይህን ያህል ይቀረኛል?» ይላል። ብዙውን ጊዜ ማንም አላጭበረበረውም። ሰንጠረዡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ይል ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያሳየው ሰው ስላልነበረ ነው፤ ይህ ደግሞ በእውነት ያሳዝናል።

ሰንጠረዡ ከፊታችን ካለ፣ ተጨማሪ ክፍያ ምን እንደሚያደርግ በዓይናችን ማየት እንችላለን። የ20 ዓመቱን ብድር እንውሰድ። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ስትከፍሉ 102.10 ጨምራችሁ ከፈላችሁ እንበል። ይህ የሁለተኛው ወር የዋና ድርሻ ልክ ነው። ዕዳችሁ ከ99,898.91 ወደ 99,796.81 ይወርዳል። ይህ ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ከሁለተኛው ክፍያ በኋላ የተጻፈው ነው። አንድ መስመር ዘላችሁ ማለት ነው። በዘለላችሁት መስመር ላይ የነበረው 998.99 ወለድ ከድምሩ ይወጣል። 102.10 ቀድማችሁ ከፍላችሁ ወደ 999 የሚጠጋ ወለድ አስቀራችሁ፤ ብድሩም አንድ ወር ቀድሞ ያልቃል።

ታዲያ ቁጠባው የሚገኘው 20 ዓመት ቆይቶ፣ በመጨረሻው ላይ የማትከፍሉት ክፍያ ሆኖ ነው። ነገ ኪሳችሁ ውስጥ አይገባም። ይህን ሳይናገሩ የተጨማሪ ክፍያን ጥቅም ብቻ ማውራት ሰውን ማሳሳት ይሆናል። በሰንጠረዡ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ አንድን መስመር ለመዝለል ከአንድ ሺህ በላይ መክፈል ያስፈልጋል፤ የሚቀረው ወለድ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ጉልበት ያለው መጀመሪያ ላይ ነው።

ወደ 12 ወሩ ብድር ተመልሰን አንድ ሁኔታ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ሦስተኛውን ክፍያ በከፈላችሁበት ቀን 20,000 ተጨማሪ ገንዘብ አገኛችሁና ወደ ብድሩ አስገባችሁት። ቀሪው 76,108.02 የነበረው 56,108.02 ሆነ። ወርሃዊ ክፍያችሁ እንደነበረ 8,884.88 ከቀጠለ፣ የአራተኛው ወር ወለድ 761.08 መሆኑ ቀርቶ 561.08 ይሆናል። የአምስተኛው 477.84፣ የስድስተኛው 393.77፣ የሰባተኛው 308.86፣ የስምንተኛው 223.10፣ የዘጠነኛው 136.48 ነው። በ10ኛው ወር የሚቀረው ዋና 4,899.87 ከ49.00 ወለድ ጋር ተከፍሎ ብድሩ ይዘጋል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች 2,762.66 ጋር ስንደምረው ጠቅላላው ወለድ 4,912.79 ነው። ከ6,618.53 ላይ 1,705.74 ተቀነሰ።

ግን አበዳሪው ሌላ ነገር ሊያደርግ ይችላል። የመጨረሻውን ወር ሳይነካ፣ ወርሃዊ ክፍያችሁን ዝቅ አድርጎ እንደገና ሊያሰላው ይችላል። 56,108.02 ለቀሩት 9 ወሮች ሲደለደል ወርሃዊው 6,550.07 ይሆናል። በየወሩ እፎይ ትላላችሁ። ወለዱ ግን ሲደመር 5,605 ገደማ ይሆናል፤ የቀነሰው ወደ 1,013 ብቻ ነው። ያስገባችሁት 20,000 ያው ነው፣ ቀኑም ያው ነው። ልዩነቱ የመጣው በሁለተኛው መንገድ ዕዳው ዝግ ብሎ ስለሚወርድ ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የእናንተ ኑሮ ነው። የትኛው እየተሠራ እንደሆነ ግን ገንዘቡን ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ።

ሦስተኛም ዕድል አለ፤ እሱ ነው ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳበት። አንዳንድ ቦታ ትርፍ ገንዘብ ሲገባ ከዋናው ላይ አይቀነስም፤ «የሚቀጥለው ወር ክፍያ ቀድሞ ተከፍሏል» ተብሎ ይያዛል። ያን ጊዜ ዕዳው ስላልወረደ ወለዱ አይቀንስም። ይህን ለማወቅ ከባድ አይደለም። ከከፈላችሁ በኋላ የሚመጣውን የሂሳብ መግለጫ አውጡና የቀጣዩን ወር ወለድ እዩ። በእኛ ምሳሌ 561.08 ካለ ገንዘቡ ዋናው ላይ አርፏል። 761.08 ካለ አላረፈም። ለተጨማሪ ክፍያው የገንዘቡን ዓላማ በጽሑፍ ግለጹ፤ «ከዋናው ላይ ይቀነስልኝ» በሉ። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ካለም ውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከምታተርፉት ወለድ ጋር አነጻጽሩት።

እስካሁን ያየነው በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ወለድ ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ብዙዎች ፍላት ይሉታል። እዚያ ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 100,000 ላይ ይሰላል። ብድሩን ምን ያህል ብታወርዱት በየወሩ 1,000 ወለድ ነው። 12 ጊዜ 12,000። በመጀመሪያ ላይ የጠቀስነው ፈጣን መልስ እዚህ ልክ ይሆናል። ወርሃዊው ክፍያ 9,333.33 ነው። በመጨረሻው ወር ላይ በእጃችሁ የቀረው ዋና 8,333 ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ለእሱ የአንድ ወር ወለድ 1,000 ትከፍላላችሁ። ይህን ብድር በቀሪ ዕዳ ስሌት ብንለካው ዓመታዊው ወለድ ከ21 በመቶ በላይ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «12 በመቶ» ተብሎ ሊጻፍ መቻሉ ብዙ ሰው አስከፍሏል። ለመለየት የሁለተኛውን ወር መስመር ብቻ ማየት ይበቃል። ወለዱ ከአንደኛው ወር ካነሰ በቀሪ ዕዳ ላይ ነው። ካላነሰ ፍላት ነው።

በእጅ የሠራችሁት ድምር ከአበዳሪው ጋር በጥቂቱ ቢለያይ ሊሆን የሚችል ንጹህ ምክንያት አለ። እኛ እያንዳንዱን ወር እኩል አድርገን 1 በመቶ ወስደናል። ብዙ አበዳሪዎች ግን ቀን ይቆጥራሉ። የ31 ቀን ወር ላይ የ100,000 ወለድ 100,000 በ0.12 ተባዝቶ፣ በ31 ተባዝቶ፣ ለ365 ተካፍሎ 1,019.18 ይሆናል። የ28 ቀን ወር ላይ 920.55። ዓመቱን 360 ቀን አድርገው የሚያካፍሉም አሉ፤ ያን ጊዜ የ31 ቀኑ 1,033.33 ይሆናል። ውሉ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ካወቃችሁ፣ በሱው ብታሰሉ ይገጥማል። ቀን የሚቆጠር ከሆነ አምስት ቀን ዘግይቶ መክፈልም የዚያን ወር የወለድ ድርሻ ከፍ ያደርገዋል፤ ቅጣት ባይኖር እንኳ።

መደመሩ ራሱ የሚያሳስትበት አንድ ቦታ ግን አለ። እሱም የእፎይታ ጊዜ ነው። አበዳሪው «ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ምንም አትክፈሉ» ይላል። ደስ ይላል። ወለዱ ግን አልቆመም። በየወሩ 1 በመቶ እየተሰላ ዕዳው ላይ ይጨመራል፤ ከሦስት ወር በኋላ 100,000 የነበረው 103,030.10 ይሆናል። ክፍያው የሚሰላው በዚህ ላይ ነው። በ12 ወር ሲከፈል ወርሃዊው 9,154.10 ይሆናል። የክፍያዎቹን የወለድ ድርሻ ብትደምሩ 6,819 ገደማ ታገኛላችሁ። ትንሽ ብቻ የጨመረ ይመስላል። የከፈላችሁትን በሙሉ ደምራችሁ 100,000 ስትቀንሱ ግን 9,849 ገደማ ነው። 3,030.10ሩ የት ሄደ? ዋናው ዓምድ ውስጥ ገብቷል። የዋናው ዓምድ ድምር 100,000 ሳይሆን 103,030.10 ነው። ወለድ ሆኖ ተወልዶ ዋና ተብሎ ተጻፈ። ስለዚህ የእፎይታ ጊዜ ያለበት፣ ወይም ያልተከፈለ ወለድ ወደ ዕዳው የተጨመረበት ብድር ላይ፣ ያንን የተጨመረ ወለድ ለብቻ አውጥታችሁ ደምሩት።

ወረቀት ላይ መሥራት ለ12 ወር ይቻላል። ለ240 ወር ግን ኤክሴል ወይም ሌላ የሂሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በቀጥታ ድምሩን የሚሰጥ ቀመር አለ፦

```
=PMT(0.12/12, 12, -100000)
=CUMIPMT(0.12/12, 12, 100000, 1, 12, 0)
```

የመጀመሪያው ወርሃዊውን ክፍያ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ከ1ኛው እስከ 12ኛው ክፍያ ያለውን ወለድ ደምሮ -6618.55 ይላል። የመቀነስ ምልክቱ ከእጃችሁ የሚወጣ ገንዘብ መሆኑን ለማሳየት ነው። 1 እና 12ን ብትቀይሯቸው የፈለጋችሁትን ወቅት ብቻ ይደምራል፤ ለምሳሌ 1 እና 6 ብትሉ የግማሽ ዓመቱን። ከእኛ 6,618.53 ጋር በ2 ሳንቲም የተለያየው ቀመሩ በየወሩ ስለማያጠጋጋ ነው።

ይህ ቀመር ግን ሁሉም ክፍያ እኩል ከሆነና ወለዱ ካልተለወጠ ብቻ ነው የሚሠራው። ተጨማሪ ክፍያ፣ የወለድ ለውጥ ወይም የዘገየ ወር ካለ፣ መስመር በመስመር መሥራት ይሻላል። በ`B2` ዕዳውን፣ በ`C2` ወለዱን፣ በ`D2` ዋናውን አድርጉና ወደ ታች ጎትቱት፦

```
B2: 100000
C2: =ROUND(B2*0.12/12, 2)
D2: =8884.88-C2
B3: =B2-D2
```

ከዚያ `=SUM(C2:C13)` 6618.53 ይሰጣል። `B14` ላይ -0.03 ታያላችሁ፤ ያቺ ቅድም ያየናት የ3 ሳንቲም ትርፍራፊ ናት። ተጨማሪ ክፍያ ያለበት ወር ላይ `D`ውን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። በብድሩ ዘመን መሀል ወለዱ ከ12 ወደ 14 በመቶ ካደገ፣ ከዚያ መስመር ጀምሮ 0.12ን በ0.14 ትተኩታላችሁ፤ ወርሃዊ ክፍያው እንደገና ከተሰላም 8884.88ን። ያለፉት መስመሮች አይነኩም።

በመጨረሻ ወደ ማመሳከሩ ልምጣ። ብድሩ ሲዘጋ ሁለት ቁጥር ይኖራችኋል። አንደኛው የወለድ ዓምዱ ድምር ነው። ሁለተኛው በእርግጥ ከእጃችሁ የወጣው ገንዘብ በሙሉ፣ በእጃችሁ የገባው ብድር ሲቀነስለት ነው። «በእጃችሁ የገባው» ያልኩት አስቤበት ነው። 100,000 ተፈርሞ 98,000 ብቻ ከተሰጣችሁ የምትቀንሱት 98,000 ነው። ሁለቱ ከገጠሙ የከፈላችሁት ወለድ ብቻ ነው። ካልገጠሙ ልዩነቱ የአገልግሎት ክፍያ፣ የመድን ክፍያ፣ የመዘግየት ቅጣት ወይም ወደ ዕዳው የተጨመረ ወለድ ነው። የወለድ ዓምዱ እነዚህን አያሳይም። በዚህ ምሳሌ የተቆረጠው 2,000 ብቻውን ከጠቅላላው ወለድ 30 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ለአበዳሪው «ለምን በዛብኝ?» ከማለት፣ ልዩነቱን በቁጥር ይዛችሁ ሄዳችሁ «ይህ 2,000 በየትኛው የውሉ አንቀጽ ነው የተቆረጠው?» ብትሉ ይሻላል። እንዲህ ላለ ጥያቄ አንቀጹን ማሳየት ብቻ ነው መልሱ።